ከበሮውን የመታው ማነው?

ሂፕሆፕ የሚሰማ ሰው ሁሉ ክላይድ ስታብልፊልድን ሰምቶታል። ስሙን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ስታብልፊልድ የጄምስ ብራውን ድራመር ነበር። ኖቬምበር 20 ቀን 1969 ኦሃዮ ውስጥ ሲንሲናቲ በምትባል ከተማ፣ ኪንግ ስቱዲዮ ውስጥ፣ ባንዱ «ፈንኪ ድራመር» የተባለውን ሙዚቃ ሲቀዳ ጄምስ ብራውን ሌሎቹን ዝም አሰኝቶ ለድራመሩ ሜዳውን ለቀቀለት። ሰውየው ሃያ ሰከንድ ገደማ ብቻውን መታ። ጩኸት የለውም፣ ትርኢትም የለውም፤ ሲመታ የነበረውን ምት ያለምንም ማጋነን ቀጠለበት። ከዚያ ባንዱ ተመልሶ ገባና ሁሉም ወደ ቤቱ ሄደ።

ያቺ ሃያ ሰከንድ ከሃያ ዓመት በኋላ በየሂፕሆፑ ውስጥ ትገኝ ጀመር። ፐብሊክ ኤነሚ በ1989 ባወጡት «ፋይት ዘ ፓወር» ውስጥ አለች። ኤልኤል ኩል ጄ በ1990 «ማማ ሰይድ ኖክ ዩ አውት»ን ሲሠራ ተጠቅሞባታል። ዛሬ የተቆጠሩት ዘፈኖች ከሺህ በላይ ናቸው። ስታብልፊልድ ግን በ2017 እስካረፈበት ጊዜ ድረስ ከእነዚህ ሳምፕሎች የድርሻዬን አላገኘሁም እያለ ኖረ። በ2009 በተሠራው «ኮፒራይት ክሪሚናልስ» በተባለ ዘጋቢ ፊልም ላይ ከበሮው ፊት ተቀምጦ ይታያል።

እንግዲህ የዛሬው ጨዋታችን ይኸው ነው። ሳምፕል ምንድነው? እንዴት ነው የሚሠራው? ደግሞስ አንድ ዘፈን ሰምተን «ይቺን ድምፅ የሆነ ቦታ አውቃታለሁ» ስንል እስከ መነሻዋ፣ እስከ ሸክላው፣ ከተቻለም እስከ መታው ሰው ድረስ እንዴት እንሄዳለን? (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፣ ከወዲሁ ይታወቅልን።)

ሁለት ሸክላ፣ አንድ ብሬክ

ነገሩ የተጀመረው ማሽን ሳይኖር ነው። ኦገስት 11 ቀን 1973 ኒውዮርክ፣ ብሮንክስ ውስጥ፣ ሴጅዊክ አቬኑ ቁጥር 1520 በሚገኝ የመኖሪያ ሕንፃ፣ አንዲት ወጣት የትምህርት ቤት መክፈቻ ሰሞን ለልብስ መግዣ የሚሆን ገንዘብ ለማግኘት ፓርቲ አዘጋጀች። ሙዚቃውን እንዲያጫውት ያቆመችው ወንድሟን ነበር። ልጁ ከጃማይካ የመጣ ሲሆን ስሙ ክላይቭ ካምቤል ይባላል፤ ዓለም የሚያውቀው ግን ዲጄ ኩል ሄርክ በሚለው ስሙ ነው።

ሄርክ አንድ ነገር አስተዋለ። ሰው ዘፈኑን በሙሉ እኩል አይጨፍርበትም። ዘፋኙ ዝም ብሎ፣ ጥሩምባውና ጊታሩ ወጥቶ፣ ከበሮው ብቻውን የሚቀርባት ቦታ ስትደርስ ነው ጭፈራው የሚደምቀው። ይቺ ቦታ ብሬክ ትባላለች። ችግሩ አጭር ናት፤ ገና ሞቅ ሲል ታልቃለች። ሄርክ ያንኑ ሸክላ ሁለት ቅጂ ገዛና በሁለት ማጫወቻ ላይ አደረጋቸው። በአንደኛው ላይ ብሬኳ ስታልቅ ሁለተኛውን ከብሬኳ መጀመሪያ ያስነሳል፤ ሁለተኛው ሲያልቅ ወደ አንደኛው ይመለሳል። አሥር ሰከንድ የነበረችው ነገር አምስት ደቂቃ ሆነች።

ሳምፕሊንግ ማለት ይኸው ነው። የተቀዳ ድምፅ ወስዶ፣ ቆርጦ፣ ደጋግሞ፣ ሌላ ሙዚቃ መሥራት። በኋላ የመጣው ማሽን የሄርክን እጅ ሥራ ነው የተረከበው።

እዚህ ጋ አንድ ነገር እናጥራ፤ ብዙ ሰው ይሳሳትባታል። በ1979 የወጣውና ራፕን በሬዲዮ ያስገባው «ራፐርስ ዲላይት» ሳምፕል የለበትም ማለት ይቻላል። ከስሩ የሚሰማው የሺክ ባንድ «ጉድ ታይምስ» ነው፤ ነገር ግን ከሸክላው የተወሰደ አይደለም፤ ስቱዲዮ ውስጥ ሙዚቀኞች ተቀምጠው እንደገና የተጫወቱት ነው። ዜማው ተወስዷል፣ ቅጂው አልተወሰደም። ይቺ ልዩነት ኋላ ላይ ትጠቅመናለች፤ አደራ እንዳትጠፋችሁ።

አሥር ሰከንድ ብቻ የምትይዝ ማሽን

በ1987 ኢ-ሙ የተባለ የካሊፎርኒያ ኩባንያ ኤስፒ-1200 የተባለች ማሽን አወጣች። ፕሮዲውሰሮቹ የወደዷት ድምፅን ቀድታ፣ በጣት በሚመቱ ቁልፎቿ ላይ አስቀምጣ፣ በፈለጉት ቅደም ተከተል ስለምታጫውት ነው። ነገር ግን የማስታወስ አቅሟ በድምሩ አሥር ሰከንድ ብቻ ነበር። ያውም አንድ ቁራጭ ከሁለት ሰከንድ ተኩል መብለጥ አይችልም።

አሁን የስታብልፊልድን ምት ይዘን እንምጣና እንሞክራት። ምቱ በደቂቃ መቶ ገደማ ነው እንበል። አንድ ባር አራት ምት ነው፤ ስለዚህ አንድ ባር ሁለት ነጥብ አራት ሰከንድ ይወስዳል። ለጥቂት ገባ ማለት ነው። ሁለት ባር ግን አራት ነጥብ ስምንት ሰከንድ ነው፤ አይገባም። ሙሉው ብሬክማ ስምንት ባር ስለሆነ ማሽኗን ሁለት ጊዜ ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው።

ልጆቹ መላ አላጡም። ትልቁ ሸክላ በደቂቃ 33 ከሲሶ ጊዜ እንዲዞር የተሠራ ነው። ትንሹ ሸክላ ደግሞ 45 ጊዜ ይዞራል። ትልቁን ሸክላ አስቀምጠው የማጫወቻውን ቁልፍ ወደ 45 ያዞሩታል። ሙዚቃው ይፈጥናል፣ ድምፁም እንደ ሕፃን ይቀጥናል። በዚያ ፍጥነት ይቀዱታል፤ ሁለት ነጥብ አራት ሰከንድ የነበረው ባር አንድ ነጥብ ስምንት ገደማ ይሆናል። ከዚያ ማሽኗ ውስጥ ካስገቡት በኋላ ፍጥነቱን መልሰው ይቀንሱታል። ቦታ ተረፈ።

ይህ ቁጠባ ያለ ዋጋ አልመጣም። ማሽኗ ድምፁን ስታዘገየው ጥራቱ ይጎድላል፤ ሻካራ፣ አቧራ የነካው የሚመስል ነገር ይጨመርበታል። የሚገርመው ያ ጉድለት ራሱ ተወደደ። የዘጠናዎቹን መጀመሪያ የኒውዮርክ ሂፕሆፕ ስንሰማ «ወፍራምና ቆሻሻ ከበሮ» የምንለው ድምፅ በከፊል የመጣው ከዚህ የማስታወሻ እጥረት ነው። ምንጭ ለሚፈልግ ሰው ደግሞ ትልቅ ፍንጭ ነው፤ ዘፈኑ ውስጥ የምንሰማው ድምፅ ከመነሻው ይልቅ ቀጥኖ ወይም ወፍሮ፣ ፈጥኖ ወይም ዘግይቶ ሊሆን እንደሚችል ይነግረናል።

ሁለት ባለቤት ያለው ድምፅ

ወደ ፍለጋው ከመግባታችን በፊት ስለ ባለቤትነት ትንሽ እንበል፤ ምክንያቱም ምንጩን የምናገኝበት ወረቀት የተጻፈው በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ የተቀዳ ሙዚቃ በሕግ ዓይን ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ድርሰቱ ነው፤ ዜማውና ግጥሙ። ባለቤቱ ደራሲው ወይም የደራሲው አሳታሚ ነው። ሁለተኛው ቅጂው ነው፤ በዚያን ቀን፣ በዚያ ስቱዲዮ፣ ቴፕ ላይ የቀረው ድምፅ። የዚህ ባለቤት አብዛኛውን ጊዜ ሸክላ ቤቱ ነው። ከሸክላ ሳምፕል የሚያደርግ ሰው ሁለቱንም ማስፈቀድ አለበት። «ራፐርስ ዲላይት» ላይ እንደሆነው እንደገና ከተጫወተው ግን ቅጂውን አልነካም፤ ፈቃድ የሚያስፈልገው ለድርሰቱ ብቻ ነው።

ድራመሩስ? ድራመሩ ከሁለቱም የለበትም። ስታብልፊልድ ለዚያ ቀን ሥራው ተከፈለው። «ፈንኪ ድራመር» በድርሰትነት የተመዘገበው በጄምስ ብራውን ስም ነው፤ ቅጂው የሸክላ ቤቱ ነው። ሙዚቃው ስሙን ያገኘው ከድራመሩ ሆኖ፣ ሁሉም ሳምፕል የሚያደርገው የድራመሩን እጅ ሆኖ፣ ሰውየው ግን በወረቀቱ ላይ የለም። የነገሩ መራራነት እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ ሰሞን ማንም ማንንም አያስፈቅድም ነበር። ያ ዘመን የተዘጋው በ1991 ነው። ቢዝ ማርኪ የተባለው ራፐር የጊልበርት ኦሳሊቫንን «አሎን አጌን» ሳያስፈቅድ ተጠቀመና ኒውዮርክ ፍርድ ቤት ተከሰሰ። ዳኛው ውሳኔያቸውን የጀመሩት ከአሥርቱ ትእዛዛት ስለ ስርቆት የሚናገረውን በመጥቀስ ነበር። አልበሙ ከገበያ እንዲነሳ ተደረገ። ከዚያ ወዲህ ትልልቆቹ ሸክላ ቤቶች ያልተፈቀደ ሳምፕል ያለበትን ዘፈን ማውጣት ፈሩ። ብዙ ሳምፕል በአንድ ዘፈን መደራረብም ዋጋው የማይቀመስ ሆነ። አንዳንዱ ፕሮዲውሰር አንድ ሳምፕል ብቻ ወስዶ በሙሉ ከፈለበት፤ ሌላው እንዳይታወቅበት ድምፁን ከነቁጥ የማይበልጥ አድርጎ ከታተፈው።

ለእኛ ለፈላጊዎቹ ይህ ሁለት ውጤት አለው። ከ1991 በፊት የወጣ ዘፈን ላይ ወረቀቱ ብዙ ጊዜ ዝም ይላል፤ ጆሯችንን ነው የምናምነው። ከዚያ በኋላ የወጣ ከሆነ ደግሞ ወረቀቱ ይናገራል። የማይናገር ከሆነ ወይ ሳምፕል የለም፣ ወይ አሳምረው ደብቀውታል።

ፍለጋው እንዴት ይካሄዳል?

መጀመሪያ መስማት ነው። ግን ዘፈኑን በሙሉ አይደለም፤ አንድ ድምፅ ብቻ መርጦ። ከበሮውን ከፈለጋችሁ ራፐሩን እርሱት። አንድ ድምፅ ሳምፕል መሆኑን የሚያሳብቁ ምልክቶች አሉ። በመጀመሪያ፣ ድግግሞሹ ፍጹም ነው፤ ሰው አንድን ባር ሁለት ጊዜ በትክክል አንድ ዓይነት አድርጎ አይመታም፤ ማሽን ግን ይመታል። ሁለተኛ፣ የሸክላው መንጫጫት ድምፁ ሲገባ አብሮ ይገባና ሲወጣ አብሮ ይጠፋል። ሦስተኛውና ምርጡ ምልክት ትራፊ ነው። ከበሮው ብቻ ሲቆረጥ ከፊቱ የነበረው የጥሩምባ ጭራ ወይም የዘፋኙ ግማሽ ትንፋሽ አብሮ ይቀራል። ሉፑ በዞረ ቁጥር ያቺ ትራፊ ተመልሳ ትመጣለች። ይህን ትራፊ በደንብ ያዙት፤ በመጨረሻ ማረጋገጫ የሚሆነው እሱ ነው።

ቀጥሎ ወረቀቱ ነው። በሲዲው ቡክሌት ላይ፣ አሁን ደግሞ በማጫወቻ አፖቹ የዘፈን መረጃ ገጽ ላይ፣ ሁለት ዓይነት አጻጻፍ አለ። አንደኛው ዘፈኑ የእገሌን «ቅጂ» ሳምፕል ይዟል ይላል። ሁለተኛው የእገሌን «ድርሰት» ክፍል ይዟል ይላል። የመጀመሪያው ሸክላ ፈልጉ ማለት ነው። ሁለተኛው ብቻውን ከተጻፈ እንደገና ተጫውተውታል ማለት ነው፤ ሸክላ ለሸክላ ብትዞሩ ያንን ድምፅ አታገኙትም፣ የለምና። ስንቱ ሰው ነው በዚህ ምክንያት ሳምንት ሙሉ የሌለ ነገር ሲፈልግ የሚከርመው!

ወረቀቱ ስለ ሳምፕል ምንም ባይል እንኳ የደራሲዎቹን ስም ዝርዝር ተመልከቱ። አንድ የብሩክሊን ራፐርና አንድ ፕሮዲውሰር በሠሩት ዘፈን ላይ አምስት ደራሲ ከተዘረዘረ፣ ከመካከላቸውም አንዱ የስልሳዎቹ የጃዝ ሰው ከሆነ፣ ነገሩ ተገለጠ። `ASCAP` እና `BMI` የተባሉት የአሜሪካ የደራሲያን ማኅበራት መዝገባቸውን ለማንም ክፍት አድርገዋል፤ የዘፈኑን ስም አስገብቶ ደራሲዎቹን ማየት ይቻላል።

ሦስተኛው ሒሳብ ነው፤ አትፍሩ፣ ቀላል ነች። ሸክላ ሲፈጥን ድምፁ አብሮ ይቀጥናል፤ ሁለቱ አይነጣጠሉም። ፍጥነት በስድስት ከመቶ ገደማ ሲጨምር ድምፁ በፒያኖ ላይ አንድ ቁልፍ ከፍ ይላል፤ ነጩንም ጥቁሩንም እየቆጠራችሁ። ከ33 ወደ 45 ሲዞር ፍጥነቱ በ35 ከመቶ ስለሚጨምር ድምፁ አምስት ቁልፍ ያህል ይወጣል። እንግዲህ የጠረጠራችሁት መነሻ በደቂቃ መቶ ምት ከሆነና የሂፕሆፑ ዘፈን መቶ ስምንት ከሆነ፣ ልዩነቱ ስምንት ከመቶ ነው፤ ድምፁም ከአንድ ቁልፍ ትንሽ ያለፈ መቅጠን አለበት። ከገጠመ ወደ እውነቱ ተጠግታችኋል። ካልገጠመ ወይ ሌላ ሸክላ ነው፣ ወይ ዘፈኑ የተሠራው ፍጥነትና ቅጥነትን ለየብቻ መለወጥ በሚችሉ የኋላ ዘመን ማሽኖች ነው።

ይህ ሒሳብ ሌላም ነገር ያስረዳል። ስልካችንን ወደ ስፒከሩ አስጠግተን ዘፈን የምናስለይበት አፕ የሂፕሆፑን ዘፈን ወዲያው ይነግረናል፤ ከስሩ ያለውን ሳምፕል ግን አብዛኛውን ጊዜ አያውቅም። አፑ የሚያነጻጽረው የድምፆቹን ከፍታና በመካከላቸው ያለውን ጊዜ ነው። ሳምፕሉ ፍጥነቱ ሲለወጥ ሁለቱም ይለወጣሉ፤ ለአፑ ሌላ ሙዚቃ ሆነ ማለት ነው። መላው ፍጥነቱን ራሳችን መልሰን አስተካክለን ማሰማት ነው፤ በነጻ በሚገኝ የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ይሠራል።

አራተኛው ሌሎች የደረሱበትን ማየት ነው። `whosampled.com` ላይ የሂፕሆፑን ዘፈን ስታስገቡ መነሻው ይመጣል፤ ሁለቱን ጎን ለጎን መስማትም ይቻላል። ነገር ግን እዚያ ላይ ያለውን የሚያስገቡት እንደኛው ያሉ አድማጮች ናቸው። ስለዚህ «ይመስላል» እና «ነው» እንዳይምታታባችሁ፣ ቅድም ያዙት ያልናችሁን ትራፊ አውጡ። ያቺ የጥሩምባ ጭራ በመነሻው ሸክላ ላይ፣ በዚያው ቦታ ላይ ካለች ጉዳዩ አለቀ። ከሌለች ዜማው የፈለገውን ያህል ቢመሳሰል ገና ነው።

ሸክላው ሸክላ ይወልዳል

አሁን «ፋይት ዘ ፓወር»ን ይዘን ወደ ኋላ እንሂድ። ዘፈኑን የሠራው ቦምብ ስኳድ የተባለው ቡድን ብዙ ሳምፕል በላይ በላዩ ስለሚደራርብ አንዱን ከሌላው መለየት ያደክማል። ግን ከበሮውን ብቻ ከተከተልነው ወደ «ፈንኪ ድራመር» ያደርሰናል። እዚህ ላይ አብዛኛው ሰው «አገኘሁት» ብሎ ያቆማል።

እኛ አንድ ጥያቄ እንጨምር፤ የትኛው «ፈንኪ ድራመር»? ሙዚቃው በ1970 የወጣው በትንሿ ሸክላ ላይ፣ ለሁለት ተቆርጦ፣ ግማሹ በፊት ግማሹ በጀርባ ሆኖ ነው። ብዙም ገበያ አላገኘም። አልበም ላይም አልገባም። ከዘጠኝ ደቂቃ በላይ የሚወስደው ሙሉው ቅጂ በአልበም የወጣው ከአሥራ ስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1986፣ «ኢን ዘ ጃንግል ግሩቭ» በተባለ ስብስብ ላይ ነው። ያውም ብቻውን አልመጣም። ዳኒ ክሪቪት የተባለ የኒውዮርክ ዲጄ ያቺን ብሬክ ደጋግሞ፣ የጄምስ ብራውንን ድምፅ ከላይ ጣል እያደረገ፣ ለዲጄዎች እንዲመች አዘጋጅቶ እዚያው አልበም ላይ ለብቻዋ አስገብቷታል።

በዚያው ሰሞን «አልቲሜት ብሬክስ ኤንድ ቢትስ» የተባለ ተከታታይ ሸክላም ይወጣ ነበር። ከ1986 እስከ 1991 ድረስ 25 ቅጽ ወጥቷል። ሥራው የታወቁትን ብሬኮች ከያሉበት ሰብስቦ በአንድ ላይ መሸጥ ነው። «ፈንኪ ድራመር»ም እዚያ ውስጥ ገብቷል።

አሁን ታሪኩ ቦታ ቦታውን ያዘ። በ1986 ብሬኳ እንደገና ወጣች፤ በ1987 ኤስፒ-1200 ገበያ ገባች። ቀድሞ አንድ ዲጄ ከስንት አቧራማ ሱቅ ፈልጎ ያገኛት የነበረች ብርቅ ሸክላ፣ አሁን ማንም ገዝቶ በሁለት ጣት የሚቆርጣት ሆነች። የስታብልፊልድ ምት በ1970 ሳይሆን በሰማንያዎቹ መጨረሻ ዓለምን የሞላው በዚህ ምክንያት ነው። ምንጭ ስንፈልግ መነሻው የተቀዳበትን ዓመት ብቻ ሳይሆን በመካከል ያሸጋገረውን ሸክላ መፈለግ ያለብንም ለዚሁ ነው። ሉፑ ውስጥ የምትሰማው ትራፊ በክሪቪት ቅጂ ላይ ብቻ ያለች ከሆነ ፕሮዲውሰሩ የያዘው የ1986ቱን አልበም ነው፣ አለቀ።

የሸክላውን እትም ለመለየት ደግሞ `discogs.com` የተባለው ገጽ አለ፤ ሸክላዎች ከነእትማቸው የተመዘገቡበት ነው። ሸክላው እጃችሁ ላይ ካለ ከመሃሉ ወረቀት ዳር፣ ድምፅ በሌለበት ለስላሳ ክብ ላይ የተቧጨረ ቁጥር አለ። የሽፋኑ ሥዕል ሊቀዳ ይችላል፤ ያ ቁጥር ግን የታተመበትን ቅርጽ ነው የሚናገረው።

ከናስ እስከ አምሃ ሪከርድስ

ይህን ሁሉ መንገድ በአንድ ለጆሯችን ቅርብ በሆነ ዘፈን እንዝጋው። ናስና ዳሚያን ማርሊ በ2010 «ዲስታንት ሬላቲቭስ» የተባለ አልበም አወጡ። የመጀመሪያው ዘፈን «አዝ ዊ ኤንተር» ነው። ሁለቱ እየተቀባበሉ ሲያወሩ ከስር የሚዞረውን ድምፅ የአዲስ አበባ ጆሮ ወዲያው ያውቀዋል፤ የሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» ነው።

ወደ ኋላ ስንሄድ የመጀመሪያው ጣቢያ ሲዲ ነው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባሉት ፈረንሳዊ «ኢትዮፒክስ» በሚል የሚያዘጋጁት ተከታታይ፣ በ1998 የወጣው አራተኛው ቅጽ፣ ሙሉ በሙሉ የሙላቱ ነው። «የግሌ ትዝታ» ለውጭው አድማጭ የደረሰው በዚህ ነው። በ2005 ጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» የተባለውን ፊልሙን በሙላቱ ሙዚቃ ሲያጅብ ደግሞ ኢትዮ ጃዝን ሰምተው የማያውቁ ሰዎች ሁሉ ሰሙት። የ1986ቱ አልበም ለስታብልፊልድ የሠራውን፣ ኢትዮፒክስ ለሙላቱ ሠራው ማለት ነው። ሳምፕል የሚጀምረው አንድ ሰው አሮጌ ቅጂን መልሶ ሲያወጣ ነው።

እዚህ ጋ አማርኛ አንባቢ ከማንም የተሻለ ዕድል አለው። ሲዲው የተጻፈው በፈረንሳይኛ አሰማም ስለሆነ `Yègellé Tezeta` ይላል፤ ሌላ ቦታ `Yegelle Tezeta` ተብሎ ይገኛል። የሰውየውም ስም አንዴ `Astatke`፣ አንዴ `Astatqé` ነው። ፈረንጁ አንዱን አጻጻፍ ፈልጎ ያጣዋል። እኛ ግን ቃሉን ስለምናውቅ በየትኛውም አጻጻፍ እንደርስበታለን። እንደ ኦ ኖ ያለ ፕሮዲውሰር በ2009 ያወጣውን «ዶክተር ኖስ ኢትዮፒየም» ስንሰማማ ይህ የበለጠ ይጠቅማል፤ አልበሙ በሙሉ ከኢትዮጵያ ሙዚቃ የተቆረጠ ነው።

ከሲዲው ጀርባ ሁለተኛው ጣቢያ ይመጣል፤ በ1974 አምሃ ሪከርድስ ያሳተመው «ኢትዮ ጃዝ» የተባለው ሸክላ። አምሃ እሸቴ ሸክላ ቤቱን በ1969 ሲጀምር ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ ነበር። ወጣቱ ሰው ይህን አልፎ ማሳተም ጀመረ፤ ከእሱ በኋላ ሌሎችም ተከተሉ። ያኔ አምሃ ባይደፍር ኖሮ ፋልሴቶ መልሶ የሚያወጣው፣ ዳሚያን ማርሊም የሚቆርጠው ነገር ባልኖረ።

በዚህ ሸክላ ላይ ያለውን ልዩነት አስተውሉልን። ደራሲውም፣ አቀናባሪውም፣ ባንድ መሪውም ሙላቱ ነው። ስለዚህ ናስና ማርሊ ሳምፕል አደረግን ብለው ሲጽፉ የሚጽፉት ስም ሙዚቃውን የፈጠረው ሰው ስም ነው። ሸክላው ደግሞ ከሙላቱ ስም ጎን የሳክስፎኒስቱን የፈቃደ አምደ መስቀልን ስም ይዟል። ሲንሲናቲ ላይ ያልሆነው በከፊል እዚህ ሆኗል። በከፊል ያልነው ለዚያን ቀን ሥራው ተከፍሎት የሚሄድ ሙዚቀኛ እዚህም ስላለ ነው። ሕጉ የሚያውቀው ደራሲና ሸክላ ቤት ነው፤ ጊታሩን የያዘውን፣ ከበሮው ኋላ የተቀመጠውን አያውቅም።

ለዚህ ነው የሳምፕል ፍለጋ ሸክላው ላይ ሲደረስ አያልቅም የምንለው። ሸክላው ሲገኝ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ይቀራል፤ በዚያን ቀን ስቱዲዮ ውስጥ እነማን ነበሩ? መልሱ አንዳንዴ በሽፋኑ ጀርባ በትንሽ ፊደል ተጽፏል። አንዳንዴ መልሶ ያሳተመው ሰው ጠይቆ አስገብቶታል። አንዳንዴ ደግሞ የሚያውቁት በሕይወት ያሉ ሽማግሌ ሙዚቀኞች ብቻ ናቸው፤ እነሱን አግኝቶ የሚጠይቅ ይፈልጋል።

ስታብልፊልድ ስሙን ያገኘው እንደዚህ ነው። ፍርድ ቤት አልሰጠውም፣ ሸክላ ቤትም አልሰጠውም። አድማጮች ምቱን ተከትለው፣ ከዘፈን ወደ አልበም፣ ከአልበም ወደ ትንሿ ሸክላ፣ ከሸክላዋ ወደ ስቱዲዮው ሄደው «ከበሮውን የመታው ማነው?» ብለው ስለጠየቁ ነው። የአዲስ አበባዎቹን ሸክላዎች በተመለከተ ይህን ጥያቄ በቋንቋቸው መጠየቅ የምንችለው እኛ ነን።